«ምነው ባልቀረሁ»፦ የጸጸትና የምኞት ዐረፍተ ነገር እንዴት ይሠራል

በአፍ ሲሆን ጸጸት አይከብደንም። «ወይኔ!» ብለን፣ ራሳችንን ነቅንቀን፣ ከንፈር መጠን የቀረውን ሰሚው ይሞላዋል። በጽሑፍ ሲሆን ግን ድምፅም ፊትም የለም። ሁሉን የሚሸከመው ግሡ ነው። አንዲት ፊደል ስትዛነፍ «ባለመምጣቴ ቆጨኝ» ለማለት የተጻፈው «ልምጣ ወይ?» ይመስላል። ይቅርታ ለመጠየቅ የተጻፈው ደግሞ ወቀሳ ሆኖ ይነበባል።

ይህ መመሪያ ደብዳቤ፣ የስልክ መልእክት ወይም ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ነው። ምሳሌዎቹን የወሰድኳቸው ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ኑሮ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ደብዳቤ ከነስሕተቱ አቅርቤ መሥመር በመሥመር አስተካክለዋለሁ።

መጀመሪያ የሆነውን ነገር ጻፉ

ጸጸቱን ለመጻፍ አትቸኩሉ። በቅድሚያ በእውነት የሆነውን በአጭሩ አስቀምጡ። ለምሳሌ፦ «ዘነበ። ገብሱ በቀለ።» የታጨደ ገብስ ነዶው ሳይከመር ዝናብ ቢመታው ምን እንደሚደርስበት ገበሬው ያውቀዋል። ዛላው ላይ እንዳለ ማቆጥቆጥ ይጀምራል።

አሁን ሁለቱንም ገልብጡ። ዘነበ የነበረው «ባይዘንብ» ይሆናል። በቀለ የነበረው «ባልበቀለ» ይሆናል። ስታገጣጥሙት፦ «ባይዘንብ ኖሮ ገብሱ ባልበቀለ ነበር።»

የጸጸት ዐረፍተ ነገር ሁልጊዜ የእውነቱ ግልባጭ ነው። የሆነው ነገር በአሉታ ይጻፋል፤ ያልሆነው በአዎንታ። ይህን ካልያዝን በተለይ ሁለት አሉታ ሲገናኙ እንሳሳታለን። «ባልደወለ ኖሮ አልሰማም ነበር» ብሎ የጻፈ ሰው በእውነት የሆነው ምንድን ነው? ደወለ፣ ሰማሁ። እንግዲያው «ባይደውል ኖሮ አልሰማም ነበር» ነው መባል ያለበት። «ባልደወለ» ለምን እዚያ ቦታ እንደማይገባ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ነገሩ ያለበትን ለዩ

ጸሐፊው ለራሱ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ነገሩ ገና ነው? ወይስ አሁን የሌለ ነው? ወይስ አልፏል? ለመለየት ከዐረፍተ ነገሩ ጀርባ አንድ ጭራ ቀጥሉበት።

«ገና ነው» የሚለው ከገጠመ መንገዱ ክፍት ነው። «ቅዳሜ ብመጣ ይሻላል» ስንል ቅዳሜ ገና አልደረሰም። እዚህ ኖሮ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

«ግን የለም» ወይም «ግን አይደለም» የሚለው ከገጠመ ቅሬታው አሁን ባለው ነገር ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ውርጩ ሲነክስ «ምነው ፀሐይ ቶሎ በወጣች» የማይል የለም። ጣርማበርን አልፎ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ «ምነው ትንሽ በነፈሰ» ይላል። ፀሐይዋም አልወጣች፣ ነፋሱም የለም።

«ግን አልሆነም» ወይም «ግን አላደረግኩም» የሚለው ሲገጥም ነገሩ አልፏል። «ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆን ኖሮ» ሲባል፣ ግን አልመጣሁም።

ኖሮ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኖሮ ብቻውን «ትናንት» ማለት አይደለም። የሚናገረው «እንዲህ አይደለም፣ አልሆነም» የሚለውን ነው። «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ በጉን እገዛው ነበር» የሚል ሰው ዛሬ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ፣ በጉ ፊት ቆሞ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ ያለፈ መሆኑ እንዳያሻማ ከፈለጋችሁ ግሡን ወደ «መጥቼ፣ ሰምቼ፣ አጭጄ» መልክ አምጡትና «ቢሆን ኖሮ» ጨምሩበት፦ «ገንዘብ ይዤ ቢሆን ኖሮ በጉን በገዛሁት ነበር።» አሁን ገበያው እንደተበተነ አንባቢው ያውቃል። ወይም ደግሞ «ያኔ»፣ «ባለፈው ሳምንት»፣ «የዚያን ዕለት» የሚል ቃል ፊት ላይ አስቀምጡ። እሱም ይበቃል።

«ብ» እና «በ»

አብዛኛው የጽሑፍ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

የጸጸት ዐረፍተ ነገር ሁለት እግር አለው። የመጀመሪያው ሁኔታውን ያስቀምጣል፦ «ብነግር፣ ብትነግር፣ ቢነግር፣ ብንነግር»። ሁለተኛው ውጤቱን ያስቀምጣል፦ «በነገርኩ፣ በነገርክ፣ በነገረ፣ በነገርን»። የመጀመሪያው ላይ ያለው «ብ» ሳድስ ነው፤ ግሡም ገና ያልተፈጸመ ድርጊት መልክ ይዟል። ሁለተኛው ላይ ያለው «በ» ግእዝ ነው፤ ግሡም የተፈጸመ ድርጊት መልክ ይዟል። ስልክ ላይ በጥድፊያ ስንጽፍ «ብነገርኩ» ወይም «በነግር» ብለን እንልካለን። ሁለቱም የሉም።

በአሉታ ሲሆን ይበልጥ ይመሳሰላሉ፦ ሁኔታው «ባልነግር፣ ባትነግር፣ ባይነግር፣ ባንነግር» ነው። ውጤቱ «ባልነገርኩ፣ ባልነገርክ፣ ባልነገረ፣ ባልነገርን» ነው። ሁለቱም «ባ» ብለው ስለሚጀምሩ ፊደሉ አይረዳችሁም፤ መጨረሻውን ተመልከቱ። መጨረሻው ላይ «ኩ፣ ክ፣ ሽ፣ ች» ካለ የውጤት እግር ነው። «እሱ»ን ለመለየት ደግሞ «ባይ» ከሆነ ሁኔታ፣ «ባል» ከሆነ ውጤት ነው። «ባልደወለ ኖሮ» ከላይ ያልተዋጠልን ለዚህ ነው። የውጤቱን ግሥ ሁኔታው ቦታ አስቀምጦታል።

አንድ ቦታ ግን መጨረሻውም አያድንም። «መጣ»ን እና «ሰማ»ን የመሰሉ ግሦች ላይ «ባልመጣ» ሁለት ነገር ነው። «እኔ ባልመጣ ኖሮ» ላይ ሁኔታ ነው። «እሱ ባልመጣ ነበር» ላይ ውጤት ነው። ስንናገር ልዩነቱ ይሰማል፤ ለሁለተኛው ጠ ይጠብቃል፣ ለመጀመሪያው ይላላል። ጽሑፍ ግን ማጥበቂያ የለውም። መፍትሔው ባለቤቱን በግልጽ መጻፍ ነው። «እኔ» ወይም «እሱ» ማለት እዚህ ትርፍ ቃል አይደለም።

ኖሮ የሁኔታው ነው፣ ነበር የውጤቱ ነው። «ብመጣ ኖሮ በረዳሁሽ ኖሮ» ብሎ ኖሮን ሁለት ቦታ መድገም ዐረፍተ ነገሩን ያደናቅፈዋል። «ብመጣ ኖሮ በረዳሁሽ ነበር» በቂ ነው። ነበርን ጥሎ «ብመጣ ኖሮ በረዳሁሽ» ማለትም ያስኬዳል፤ እንዲያውም በግጥምና በእንጉርጉሮ ላይ ይበልጥ ያምራል።

ውጤቱን «እረዳሽ ነበር» ብሎ መጻፍም ይቻላል። ከሁኔታው ጋር እስካለ ድረስ ችግር የለውም። ብቻውን ሲቆም ግን «ድሮ ሁልጊዜ እረዳሽ ነበር» የሚል ልማድ ሊመስል ይችላል። «በረዳሁሽ ነበር» እንዲህ አያሻማም። ስለዚህ ረጅም ደብዳቤ ላይ፣ ሁኔታው አንድ አንቀጽ ርቆ ከቀረ፣ «በ» ያለበትን መልክ እመርጣለሁ።

ስለ «ኩ» እና «ሁ» ደግሞ አጭር ነገር። እኛ በሸዋ ስንናገር «ባልተናገርኩ» እንላለን፤ «ባልተናገርሁ» ብሎ የሚጽፍም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱን ያዙና አታቀላቅሉ። «መጣሁ፣ ሰማሁ፣ ቀረሁ» ላይ ግን ሁልጊዜም ሁ ነው።

መክፈቻውን ምረጡ፦ ምነው ወይስ ምናለ?

ሁኔታና ውጤት ሳያስቀምጡ፣ ምኞቱን ብቻ መተንፈስ ሲፈለግ «ምነው» እና «ምናለ» ይመጣሉ። ሁለቱ የሚወስዱት ግሥ የተለያየ ነው።

«ምነው» ምኞት ሲሆን «በ»ን ይወዳል፦ «ምነው ወንድም በኖረኝ»፣ «ምነው አጠገብሽ በሆንኩ»፣ «ምነው ባልተናገርኩ»። ያለፈ ነገር ላይ ኖሮ ሊከተለው ይችላል፦ «ምነው ያን ቀን ባልቀረሁ ኖሮ»። ሁለተኛ እግር አያስፈልገውም፤ ብቻውን ይቆማል። ጥያቄ ምልክት ግን አታድርጉበት። «ምነው ዘገየህ?» ጥያቄ ነው፣ «ምነው ብትቀመጥ?» ግብዣ ነው። «ምነው በተቀመጥክ» ግን የተናጋሪው የልብ ምኞት ነው።

«ምናለ» ደግሞ «ብ»ን ይወስዳል፦ «ምናለ ጉሙ ቢገፈፍ»። ጣርማበር ላይ መኪናው መብራቱን አብርቶ ሲያዘግም ተሳፋሪው ሁሉ የሚለው ይሄንን ነው። ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ዕድል ሲባል የዋህ ምኞት ነው።

ባለቤቱ ሰው ሲሆን ግን ይለወጣል። «ምናለ ብትነግረኝ» የሚለው ምኞት አይደለም፤ ወቀሳ ነው። «ብትነግረኝ ምን ነበረበት» ከዚያም ይከረክራል። ለእኩያ፣ ለጓደኛ ይሄዳል፤ በቅርብ ሰው መሀል ወቀሳም የፍቅር ነው። ለአባት፣ ለታላቅ እህት፣ ለነፍስ አባት «ምናለ ቢነግሩኝ» ብሎ መጻፍ ግን «እርስዎ» የሚለውን አክብሮት በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው። ለታላቅ ሰው ስትጽፉ ጸጸቱን ወደ ራሳችሁ አዙሩት፦ «ጠይቄዎት ቢሆን ኖሮ ባልተሳሳትኩ ነበር።» ያው አንድ ጉዳይ ነው፤ ጥፋቱ ግን እሳቸው ላይ አላረፈም።

«እመኛለሁ» የሚለውን ቃል እዚህ አትጠቀሙበት። «መልካም በዓል እመኝልሃለሁ» ጥሩ ነው፤ ገና የሚመጣ ነገር ነው። «ባውቅ እመኛለሁ» ወይም «እዚያ መሆን እመኛለሁ» የሚለው ግን የቆጨው ሰው አነጋገር አይደለም። እንዲህ የሚጻፈው ተማሪዎች የእንግሊዝኛውን «ዊሽ» ቃል በቃል ሲመልሱት ነው። «ምነው ባወቅኩ» ማለት እያለ!

ግዴታን የሚያነሣ ጸጸት

አንዳንዴ የሚቆጨን ያልሆነው ነገር ሳይሆን ያልተወጣነው ኀላፊነት ነው። ያኔ «ነበረብኝ» ይመጣል፦ «ስልኩን ማንሣት ነበረብኝ»፣ «መሳቅ አልነበረብኝም»። ይህ ከሁሉም ይበልጥ ቀጥተኛ ነው። ሁኔታ የለው፣ ውጤት የለው፤ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ይቆማል። ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቦታ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ። ሁሉን በ«ቢሆን ኖሮ» የሞላ ይቅርታ ሰበብ መደርደር ይመስላል።

የኛ ተረትና ምሳሌ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለው፦

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣
አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»

ልብ ብላችሁ እዩት። «ቢ» የለም፣ «ኖሮ» የለም፣ «እኔ» ወይም «አንተ» የለም። «ቀድሞ ነበር እንጂ» ይልና «መደቆስ» የሚል ባለቤት የሌለው ግሥ ያስከትላል። ማን መጥኖ መደቆስ እንደነበረበት አልተነገረም፤ የሰማ ሁሉ ራሱን ያያል። ይህን አሠራር መዋስ ይቻላል፦ «ቀድሞ ነበር እንጂ ነዶውን መከመር።» ለራስ ሲባል ያምራል። ጉዳት የደረሰበት ሰው ፊት ግን አይባልም። እህል የተበላሸበት ገበሬ ይህን ሲሰማ የሚሰማው «እጅህ አመጣው» የሚለው ነው።

አንድ ደብዳቤ እንሥራ

ነገሩ እንዲህ ነው እንበል። ወንድምየው ደብረ ብርሃን ተቀጥሮ ይሠራል። ታላቅ እህቱ ወላጆቻቸው በተዉላቸው መሬት ላይ፣ ገጠር ናት። ኅዳር ላይ ገብሱ ታጭዶ ነዶው ማሳ ላይ ተኝቷል። እህት ወንድሟ መጥቶ እንዲያግዛት ደወለች። ስልኩን አላነሣም፤ መልሶም አልደወለም። ከዚያ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ፤ የነዶው እኩሌታ በሰበሰ። የጻፈላት እንዲህ ነው፦

«እታለም፣ እንደምን አለሽ? የገብሱን ነገር ሰማሁ። ቀደም ብዬ ብመጣ ነዶው ይከመራል። ምናለ ደግመሽ ብትደውይልኝ። አሁን እዚያ መሆን እመኛለሁ። ለቀረው ቅዳሜ ብመጣ ኖሮ ይደርሳል?»

ልቡ ንጹሕ ነው፤ ጽሑፉ ግን አልታዘዘለትም።

«ቀደም ብዬ ብመጣ ነዶው ይከመራል።» ይህ ዐረፍተ ነገር ዝናቡ ገና ያልጣለ ያስመስላል። ጭራውን እንቀጥልበት፦ «ገና ነው» ይገጥማል? አይገጥምም። «ግን አልመጣሁም» ነው የሚገጥመው። ስለዚህ ያለፈ ነው። እውነቱ «አልመጣሁም፣ ነዶው ሳይከመር ዘነበበት» ነው። ሲገለበጥ፦ «ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ነዶው ሳይርስ በተከመረ ነበር።»

«ምናለ ደግመሽ ብትደውይልኝ።» ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። እሷ ደውላለች፤ ያላነሣው እሱ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ግን ጥፋቱን ወደ እሷ ያሻግራል። ለታላቅ እህት ደግሞ ጭራሽ አይባልም። ባለቤቱን እንለውጥ፤ ግዴታውንም እንቀበል፦ «ስልክሽን አለማንሣቴ ሳያንስ መልሼ ሳልደውል መቅረት አልነበረብኝም።» እዚህ ላይ «ቢሆን ኖሮ» ቢገባ ሰበብ ይሆናል፤ «አልነበረብኝም» ይሻላል።

«አሁን እዚያ መሆን እመኛለሁ።» ይህ ስለ አሁን ነው፤ «ግን አይደለሁም» ይገጥመዋል። ሲስተካከል፦ «ምነው አሁን አጠገብሽ በሆንኩ።» ኖሮ አልጨመርንም፤ ያለፈ ነገር አይደለምና።

«ለቀረው ቅዳሜ ብመጣ ኖሮ ይደርሳል?» እዚህ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ነው። ቅዳሜ ገና ነው። ኖሮ ገብቶ በሩን ዘጋው፤ እህት ስታነበው «አልመጣም ማለቱ ነው» ልትል ትችላለች። ኖሮን እናውጣው፦ «ለቀረው ቅዳሜ ብመጣ ይደርሳል?»

ሲጠናቀቅ እንዲህ ይሆናል፦

«እታለም፣ እንደምን አለሽ? የገብሱን ነገር ሰማሁ። ስልክሽን አለማንሣቴ ሳያንስ መልሼ ሳልደውል መቅረት አልነበረብኝም። ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ነዶው ሳይርስ በተከመረ ነበር። ምነው አሁን አጠገብሽ በሆንኩ። ለቀረው ቅዳሜ ብመጣ ይደርሳል?»

ቅደም ተከተሉንም እንደቀየርኩት አይታችኋል። ጥፋቱን ማመን ቀደመ፤ «ቢሆን ኖሮ» ከኋላው መጣ። ተገላብጦ ቢሆን ኖሮ አንባቢዋ ሰበቡን ቀድማ ባነበበች ነበር። ክፍት የሆነው ጥያቄ ደግሞ መጨረሻ ላይ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ መልስ የሚጠብቀው እሱ ብቻ ነውና።

ከመላካችሁ በፊት ደብዳቤውን ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡት። «ባልመጣ» እና መሰሎቹ ጋ ስትደርሱ ልሳናችሁ ካመነታ፣ ማጥበቅና ማላላቱ ላይ ከተጠራጠረ፣ የሚያነበውም ሰው እዚያው ቦታ ይሰናከላል። ባለቤቱን ጨምሩበት።